ስክሪንሾቱ ምን ያዘ፣ ምን ጣለ?



በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ሁለት ታዳጊዎች በአንድ ዲቪዲ ተጣሉ። በፍርድ መዝገቡ ላይ ኤፍ. ፒ. በሚል ምህፃረ ስም ብቻ የተጠቀሰው ልጅ፣ ዜድ. ጂ. የተባለውን ልጅ “ዲቪዲዬን ሰርቆኛል” ብሎ ቂም ያዘበት። ጠቡ እስከ ድብደባ ደረሰ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዐቃቤ ሕግ ከድብደባው ምስክሮች ሌላ በኮምፒውተር የተላኩ ፈጣን መልእክቶችን በማስረጃነት አቀረበ። በመልእክቶቹ ውስጥ Icp4Life30 የሚል የመለያ ስም የያዘ ሰው ዜድ. ጂ.ን በተደጋጋሚ ይሰድበዋል፤ እመታሃለሁ እያለም ይዝትበታል።

ተከላካዩ አንድ ጠንካራ ጥያቄ አነሳ። ይህ የመለያ ስም የኤፍ. ፒ. መሆኑን ማን አረጋገጠ? የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት አልመሰከረም፤ የኮምፒውተር ባለሙያም ቀርቦ አልተጠየቀም። ማንም ሰው በፈለገው ስም አካውንት ከፍቶ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል።

የግዛቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። ኤሌክትሮኒክ መልእክት በባሕርይው የማይታመን ነው የሚለውን ክርክር ውድቅ አደረገ። በወረቀት የተጻፈ ደብዳቤም ፊርማው ሊጭበረበር፣ በሌላ ሰው የጽሕፈት መኪናም ሊጻፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ዓይን ይመርመሩ አለ። ከዚያም ወደ መልእክቶቹ ይዘት ገባ። ላኪው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ የኤፍ. ፒ.ን የመጀመሪያ ስም ጠርቷል። ሰረቅኸኝ እያለ ደጋግሞ ከሷል፤ ይህ ደግሞ ስለ ዲቪዲው ከተሰጠው የምስክርነት ቃል ጋር ይገጥማል። ዜድ. ጂ. ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች መናገሩንም አንስቷል፤ ይህን የሚያውቀው ለጉዳዩ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ እነዚህን ዝርዝሮች ደምሮ መልእክቶቹን ተቀበለ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የዜድ. ጂ. ቤተሰብ ስድቡንና ዛቻውን ብቻ መርጦ አስቀርቶ ሌላውን ቢጥለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ስሙ የተጠራበት መስመር ስድብ የለበትም። ስለ ትምህርት ቤቱ የተባለው ብቻውን ሲነበብ ተራ ወሬ ነው። የላኪውን ማንነት ያረጋገጡት ግን እነዚያው ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው መስመሮች ናቸው።

በዚያው ግዛት በ2011 የተወሰነ ሌላ ጉዳይ ተቃራኒውን ያሳያል። የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ነበር፤ መርማሪው ከተከሳሿ ስልክ ላይ የጽሑፍ መልእክቶችን ገልብጦ አቀረበ። ስልኩ የእሷ መሆኑ አላከራከረም። ነገር ግን መርማሪው ራሱ የመልእክቶቹ ጸሐፊ እሷ መሆኗን ማረጋገጥ እንደማይችል፣ እንዲያውም አንዳንዶቹን እንዳልጻፈቻቸው ግልጽ መሆኑን አመነ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የስልኩ ባለቤት መሆን ብቻውን ጸሐፊነትን አያስረዳም ብሎ ቅጣቱን ሻረ። ከሁለቱ መዝገቦች የሚወጣው ነገር አንድ ነው፤ ማስረጃ የሚያሰኘው የቃሉ ክብደት ሳይሆን ቃሉን ከሰውና ከሰዓት ጋር የሚያያይዘው ዙሪያው ነው።

አሁን ነገሩ ወደ አገር ቤት ይምጣ። በኢትዮጵያ ከተሞች የአንድ ክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ መክፈታቸው የተለመደ ነው። የቤት ሥራ የሚጠያየቁበት፣ የሚቀላለዱበት ቦታ ነው፤ አንዳንዴም አንዱን ልጅ ለይተው የሚያዋርዱበት ይሆናል። ለማሳያ ይህን እንውሰድ፤ በምናብ የቀረበ ነው፣ ግን እያንዳንዱ እርምጃ በእውነት የሚያጋጥም ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ዓርብ መጋቢት 5 ቀን 2017 ማታ በክፍሏ ግሩፕ ውስጥ ፎቶዋ በስድብ ታጅቦ ተለጠፈ፤ ከሥሩም “ሰኞ ትምህርት ቤት ብትመጪ ታዪያለሽ” የሚል ዛቻ ተጻፈ። ልጅቷ እያለቀሰች ስልኳን ለእናቷ ሰጠች።

እናት መጀመሪያ የሚመጣላቸው ነገር የሚያስወቅስ አይደለም። ስክሪንሾት ያነሳሉ። ከዚያ ዛቻው ጎልቶ እንዲታይ ላይና ታቹን ይቆርጣሉ፤ በቀይ ይከብቡታል፤ የሌሎቹ ልጆች ስም እንዳይታይ ያደበዝዙታል። ከዚያም በቴሌግራም ለባለቤታቸው፣ ለክፍል ኃላፊው መምህርና ለእህታቸው ይልኩታል። በመጨረሻ በንዴት “ከዚህ ግሩፕ ውጪ!” ብለው ልጅቷን ከግሩፑ ያስወጧታል። እያንዳንዱ እርምጃ በፍቅር የተደረገ ነው፤ እያንዳንዱም አንድ አንድ ነገር አጥፍቷል።

ከመቁረጡ እንጀምር። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ የግሩፑን ስምና የአባላቱን ብዛት ይይዛል። በመልእክቶቹ መካከል ቴሌግራም የሚጽፈው ቀን አለ። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ሰዓቱ አለ፤ መልእክቱ ከተስተካከለ “edited” የሚል ቃል ይጨመርበታል። ሌላ መልእክት እየጠቀሰ የተመለሰ ከሆነ ያ የተጠቀሰው መልእክት ከላዩ በትንሹ ይታያል። ይህ ሁሉ በአንድ የጣት ጉተታ ይጠፋል። ትምህርት ቤቱ “መቼ ነው የተጻፈው? የት ነው? ማን ለማን ነው የመለሰው?” ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው ሥዕል የለም።

መክበብና ማደብዘዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አንዴ በምስል ማስተካከያ ያለፈ ሥዕል ማቅረብ “ሌላ ምን ተነክቷል?” የሚለውን ጥያቄ ለተቃራኒው ወገን በነፃ መስጠት ነው። ዛቻውን ማሳየት ካስፈለገ ያልተነካው ሥዕል ባለበት ይቀመጥና ቅጂው ላይ ይከበብ። ዋናውን ማንም አይንካው።

ስም የሚባለው ነገር ከሁሉም በላይ ያታልላል። በቴሌግራም ከመልእክቱ በላይ የሚታየው ስም ሰውየው በፈለገ ጊዜ የሚለውጠው ነው። ከዚህም በላይ፣ የላኪው ቁጥር በስልክ ማውጫ ውስጥ ካለ የሚታየው ስም የስልኩ ባለቤት የመዘገበው ነው። ማንም ሰው የጎረቤቱን ቁጥር በጠላቱ ስም መዝግቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጻጽፎ፣ “ጠላቴ ሰደበኝ” የሚል ስክሪንሾት በአምስት ደቂቃ ሊያወጣ ይችላል። መምህራንና ዳኞች ይህን እያወቁ መጥተዋል፤ ስም ብቻ ያለበትን ሥዕል መጠራጠራቸውም ትክክል ነው። ስለዚህ ስሙን ተጭኖ ፕሮፋይሉን መክፈት፣ በ@ የሚጀምረውን ዩዘርኔም፣ ከታየም ስልክ ቁጥሩን፣ የፕሮፋይል ፎቶውንም ጨምሮ ማንሳት ያስፈልጋል። ከሥዕል ይልቅ ደግሞ የስክሪን ቪዲዮ ይሻላል። ግሩፑ ሲከፈት፣ ወደ ዛቻው ሲወረድ፣ ስሙ ሲነካ፣ ፕሮፋይሉ ሲወጣ ሳይቋረጥ ከታየ መልእክቱና አካውንቱ መያያዛቸው በዓይን ይታያል።

ዩዘርኔምም ቢሆን በአንድ ሌሊት ይቀየራል። የማይቀየረው ቴሌግራም ለእያንዳንዱ አካውንት የሚሰጠው የቁጥር መለያ ነው፤ እሱ ግን በተራው የስልክ ስክሪን ላይ አይታይም። ከየት እንደሚገኝ በኋላ እንደርስበታለን።

ሰዓት በእኛ አገር የተለየ ጣጣ አለው። በምሳሌያችን ዛቻው የተጻፈው ከምሽቱ 2፡41 ነው። የልጅቷ ስልክ ግን 20:41 ይላል። አሜሪካ ዋሽንግተን የሚኖረው የአጎቷ ልጅ በዚያው ግሩፕ አለና እሱም ስክሪንሾት ልኳል፤ የእሱ 13:41 ይላል። እናት በአቤቱታቸው ላይ “መጋቢት 5 ቀን 2:41” ብለው ጻፉ፤ ከአቤቱታው ጋር የተያያዘው ወረቀት ደግሞ “March 14” ይላል። አራቱም ስለ አንድ ቅጽበት ነው የሚናገሩት። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ሰዓቶችና ሁለት የተለያዩ ቀኖች አየ። ተከሳሹ ልጅ “እኔ በዚያ ሰዓት ስፖርት ሜዳ ነበርኩ” ቢል በየትኛው ሰዓት ይሟገቱታል? በአቤቱታው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ፣ ሰዓቱም የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን መግለጽ፣ ውጭ አገር የተነሳ ሥዕል ካለም የየት ከተማ ሰዓት እንደሆነ ማመልከት ነው መፍትሔው። “ትናንት ማታ” ብሎ መጻፍ ፋይዳ የለውም፤ አቤቱታው በሳምንቱ ሲነበብ ትናንት የትኛው ቀን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ለመሆኑ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዴት ይዋል? ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱ በማንኛውም ሰከንድ ሊጠፋ ይችላል። ቴሌግራም ላኪው የጻፈውን ከሁሉም ስልክ ላይ እንዲሰርዝ ይፈቅዳል፤ ሲሰርዝም “እዚህ መልእክት ነበር” የሚል ምልክት አይተውም። ዋትስአፕ ቢያንስ መልእክት መሰረዙን ይጽፋል። ስለዚህ መልስ መስጠት፣ መሳደብ፣ “እከስሃለሁ” ማለት የለም፤ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው መሰረዝ ነው። ልጅቷ ዛቻውን ወዲያው ወደ “Saved Messages” ፎርዋርድ ታድርገው። ላኪው ዋናውን ቢሰርዘው እንኳ ይህ ቅጂ እሷ ዘንድ ይቀራል፤ ከማን እንደመጣም አብዛኛውን ጊዜ ያሳያል፤ ላኪው ይህን የሚደብቅ ቅንብር ካልመረጠ በስተቀር። ቀጥሎ ስክሪንሾቶቹ ይነሱ፤ ከዛቻው በፊት ካለው ወሬ ጀምሮ፣ የአንዱ ሥዕል የመጨረሻ መልእክት በሚቀጥለው ሥዕል አናት ላይ እየተደገመ። ይህ መደጋገም በመካከል ምንም እንዳልተዘለለ ያሳያል። ከዚያ የስክሪን ቪዲዮው ይቀረጽ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው ብሎክ የሚደረገው። ከግሩፑ መውጣት ደግሞ ሁሉም ነገር ተገልብጦ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ከግል ግሩፕ የወጣ ሰው የቆየውን ወሬ መልሶ ሊያይ አይችልም። እስከዚያው ልጅቷ እንዳትረበሽ የግሩፑን ድምፅ ማጥፋት፣ ስልኩንም አዋቂ ዘንድ ማቆየት ይቻላል። ብሎክ ወይም ሪፖርት ሲደረግ የሚመጣውን ሳጥን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል፤ ወሬውን አብሮ የሚሰርዝ ምርጫ ይኖራል፣ አንዳንዴም አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል።

ቀጣዩ ሥራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚቀርበት። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም፣ ማለትም ቴሌግራም ዴስክቶፕ፣ የግሩፑን ሙሉ ወሬ በፋይል ያወርዳል። ግሩፑ ተከፍቶ ከላይ በስተቀኝ ያሉት ሦስት ነጥቦች ሲነኩ “Export chat history” የሚል ይወጣል። ፎቶውና የድምፅ መልእክቱ እንዲካተት ምልክት ይደረጋል፤ ቀኖቹ ይመረጣሉ። ፋይሉ በሁለት መልክ ይወርዳል፦ በHTML ለዓይን እንዲመች፣ በJSON ደግሞ ዝርዝሩ እንዳይጎድል። ሁለቱንም መውሰድ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ቴሌግራም ገና አሁን የተከፈተ ከሆነ ለደኅንነት ሲባል እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ስለሚችል፣ “ነገ እናደርገዋለን” ከማለት ዛሬውኑ መጀመር ይሻላል።

በምሳሌያችን ያ ዛቻ በJSON ፋይሉ ውስጥ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተጻፉ ናቸው፦

```
{
 "id": 4182,
 "type": "message",
 "date": "2025-03-14T20:41:07",
 "date_unixtime": "1741974067",
 "from": "King",
 "from_id": "user1234567890",
 "text": "..."
}
```

ሁለት መስመሮችን በተለይ ማየት ያስፈልጋል። `from` የሚለው ዛሬ “King” ይላል፤ ነገ ሌላ ሊል ይችላል። `from_id` የሚለው ግን ቅድም “የማይቀየር” የተባለው የቁጥር መለያ ነው። ልጁ ስሙን፣ ፎቶውንና ዩዘርኔሙን ቢለውጥ ይህ ቁጥር እዚያው ነው፤ በሌላ የጋራ ግሩፕ ውስጥ የራሱን ስም ጽፎ የቤት ሥራ የጠየቀበት ፋይል ላይም ያው ቁጥር ይወጣል። በስም የተደበቀ ልጅ በብዛት የሚገለጠው በዚህ ነው። ሁለተኛው `date_unixtime` ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ ያለፉትን ሰከንዶች የሚቆጥር ስለሆነ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያው ነው። ከላዩ ያለው `date` ግን የኮምፒውተሩን የአገር ሰዓት ይከተላል። ሦስቱ ሰዓቶች ያመጡትን ግራ መጋባት የሚቋጨው ይህ አንድ ቁጥር ነው።

ይህ ፋይል ግን ሁሉን ቻይ አይደለም። ከመውረዱ በፊት የተሰረዘ መልእክት በውስጡ የለም። የተስተካከለ መልእክት ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ይዞ ይወጣል፤ `edited` የሚል መስመር መስተካከሉንና ሰዓቱን ይናገራል እንጂ ቀድሞ ምን ይል እንደነበር አይናገርም። ዛቻው “ታዪያለሽ” ከነበረ በኋላ “እንገናኛለን” ተብሎ ከተለሰለሰ፣ የመጀመሪያውን ቃል የያዘው ያ ፈጥኖ የተነሳው ስክሪንሾት ብቻ ነው። ስክሪንሾቱና ፋይሉ የሚደጋገፉት ለዚህ ነው።

ሱፐር ግሩፕ በሚባሉት ግሩፖች ውስጥ አንድ ተጨማሪ ፍንጭ አለ። መልእክቶቹ በተራ ስለሚቆጠሩ ከ4182 ቀጥሎ 4185 ከመጣ በመካከሉ የነበሩት ተሰርዘው ሊሆን ይችላል። ምን እንደነበሩ አይታወቅም፤ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በትናንሽ ተራ ግሩፖች ደግሞ ቁጥሩ በዚህ መንገድ ስለማይሄድ ይህ ፍንጭ አይሠራም። ከአድሚኖቹ አንዱ ቀና ልጅ ከሆነ ግን ሌላ በር አለ፤ ለአድሚኖች ብቻ የሚታየው “Recent Actions” የተሰረዙና የተስተካከሉ መልእክቶችን ለ48 ሰዓት ያህል ሊያሳይ ይችላል። ዓርብ ማታ የተሰረዘ ሰኞ ጠዋት ቢጠየቅ ጊዜው አልፏል።

ፋይሉ ከተገኘ በኋላ “ከወረደ ወዲህ ነክታችሁታል” የሚል ክስ ቢመጣስ? ለዚህ ማንኛውም ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ያለ ትእዛዝ አለ፦

```
certutil -hashfile result.json SHA256
```

ትእዛዙ 64 ፊደልና ቁጥር የያዘ አንድ መስመር ይሰጣል። የፋይሉ አሻራ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትጨመር መስመሩ ፈጽሞ ይቀየራል። ይህ መስመር ፋይሉ በወረደበት ዕለት በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ቀኑ ተጠቅሶ፣ እናትና አንድ ሌላ ሰው ፈርመውበት ለትምህርት ቤቱ ቢሰጥ፣ ከስድስት ወር በኋላ ትእዛዙን ደግሞ ማየት ነው። መስመሩ ከገጠመ ፋይሉ አልተነካም። ይህ ግን የሚያረጋግጠው ከዚያ ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ አስቀድሞ ተጭበርብሮ የገባን ፋይል እውነት አያደርገውም። ለዚያ የሚያስፈልገው ዋናው መልእክት ያለበት ስልክ ነው። ስልኩ አይሸጥ፣ ፎርማት አይደረግ፣ ለጥገናም በዋዛ አይሰጥ።

ስለ አላላክም ጥቂት ነገር። ስክሪንሾት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ይሄዳል፤ የፋይሉ ስምና ተያያዥ መረጃው ይጠፋል። በብዙ ስልኮች የፋይሉ ስም ራሱ ሥዕሉ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ይይዛልና ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም። እንደ ፋይል ወይም ዶክመንት መላክ፣ ከተቻለ በፍላሽ መገልበጥ ይሻላል።

አንዳንድ ቦታ ስክሪንሾት የሚባል ነገር አይሠራም፤ ከሠራም ያስታውቃል። ስናፕቻት ሥዕል ሲነሳ ለላኪው ይነግራል፤ መልእክቱም ከታየ በኋላ ይጠፋል። የቴሌግራም ሚስጥራዊ ወሬ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ስክሪንሾት ይከለክላል፤ በኮምፒውተርም አይወርድም። የዋትስአፕ አንዴ ብቻ የሚታይ ፎቶም እንዲሁ። በእነዚህ ቦታዎች የሚሠራው በሌላ ስልክ ማንሳት ነው፤ የልጅቷ ስልክ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ፣ ጠርዙና የሰዓቱ መስመር ሳይቆረጥ፣ ቢቻል በቪዲዮ። ያነሳው ሰውም ማን እንደሆነ፣ የት ሆኖ መቼ እንዳነሳ ወዲያው ይጻፍ፤ ነገ ምስክር የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ አንባቢም አድማጭም በጥብቅ ሊይዘው ይገባል። የተሰራጨው የልጅ እርቃን ምስል ከሆነ ስክሪንሾት አይነሳም፣ አይወርድም፣ “ለማስረጃ” ተብሎ ለማንም አይላክም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወሲባዊ ምስልን ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን መያዝንም ይቀጣል። የአካውንቱ ስም፣ የመልእክቱ ሊንክ፣ ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ተጽፎ፣ ስልኩ ባለበት ለፖሊስ ይቅረብ። ምስሉ እንዳይዛመት ለመከላከል የአሜሪካው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል “Take It Down” የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው፤ ምስሉን ሳይቀበል አሻራውን ብቻ ከልጁ ስልክ ላይ ወስዶ ተባባሪ ለሆኑ መድረኮች ያደርሳል።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ማስፈራራትንና መልእክት ደጋግሞ በመላክ ሰውን ማስጨነቅን ወንጀል አድርጎታል። “ደጋግሞ” የሚለው ለማስረጃ አያያዝ ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንድ አስከፊ መልእክት ብቻ መርጦ የያዘ ቤተሰብ ድግግሞሹን ማስረዳት አይችልም። ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ በፍርድ ቤት ተቀባይነት እንዳለው አዋጁ ይናገራል፤ ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም ግን በአቅራቢው ላይ ነው። መርማሪ አካል ሊጠፋ የሚችል መረጃ እንዲጠበቅ በጽሑፍ ማዘዝ ይችላል፤ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም የግንኙነት መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ይገደዳሉ። ይህ ግን ማን መቼ ከምን ጋር እንደተገናኘ የሚናገር ነው እንጂ የተጻፈው ቃል አይደለም። ዓመት የዘገየ ቤተሰብ እሱንም ሊያጣ ይችላል። ልጆች የሚጻጻፉት ቃል ደግሞ ውጭ አገር ባለ ድርጅት እጅ ነው፤ ከዚያ አስመጣለሁ ብሎ ከመጠበቅ የተጠቂዋን ስልክ መጠበቅ ይቀላል።

ወላጅን የሚከብደው የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ወሬው ሙሉ ሲወርድ የልጅቷም ቃል አብሮ ይወጣል። ምናልባት ከዛቻው አሥር ደቂቃ በፊት እሷም ተሳድባ ይሆናል። ይህን ቆርጦ የመጣል ፈተና ብርቱ ነው፤ ግን ሌሎቹ የግሩፑ ልጆች ያው ወሬ በስልካቸው አለ። የጎደለው በእነሱ ስልክ ሲገኝ እውነት የነበረው ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ደግሞም ከሳሹም ተከሳሹም ልጆች ናቸው። “King” የተባለው ልጅ አካውንቱ በእውነት በሌላ ልጅ ተነክቶበት ከሆነ፣ እሱን ነፃ የሚያወጣው ይኸው ያልተቆረጠ ወሬ ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራንና ለክፍል ኃላፊዎች አንድ ልመና ይቀርባል። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ “ግሩፑን አጥፉት፣ ሁላችሁም ሰርዙ” የሚል ነው። ሰላም ለማውረድ ታስቦ ይባላል፤ ውጤቱ ግን ግሩፑ ከሁሉም ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ መጥፋቱ ነው፤ ልጅቷም ባዶ እጇን ትቀራለች። እባካችሁ ያን ትእዛዝ አንድ ቀን አቆዩት። የአይሲቲ መምህሩን ጥሩ፤ ልጅቷና ወላጇ ባሉበት ወሬውን ያውርድ፤ የአሻራውን መስመር ይጻፍና ሦስቱም ይፈርሙበት። ግሩፑ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።